መልሱ ከታች ነው

የኬክ ቤቷን ባለቤት «ወይዘሮ ምናልባት» ብላ የሰየመቻት የገዛ ልጇ ናት። ስሙ ከልጅቷ ወደ ኬክ ጋጋሪው፣ ከጋጋሪው ወደ ቋሚ ደንበኞች ተላለፈና፣ ቤቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ዱቄት የሚያመጣው ሰው እንኳ ስልክ ሲደውል «ወይዘሮ ምናልባት አሉ?» እስከማለት ደረሰ። እሷም አትቆጣም። ምናልባት ምድጃው አልጠፋ ይሆናል ብላ ከግማሽ መንገድ የምትመለስ፣ ምናልባት ክሬሙ ሞቆት ይሆናል ብላ ማቀዝቀዣውን በቀን አሥር ጊዜ የምትከፍት ሴት በዚህ ስም ብትቆጣ ማን ይሰማታል? ጋጋሪው፣ ሁሉም «ሼፍ» የሚሉት ቀጭን ሰውዬ፣ ክሬሙን የሚያሞቀው ራሱ የእሷ መክፈትና መዝጋት ነው ይላል።

ቤቱ ጠባብ ነው። ፊት ለፊት አንድ የመስታወት መደርደሪያ፣ ከእሱ ወዲህ ቆመው የሚበሉባቸው ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ምድጃው፣ መምቻው ማሽንና የዱቄት ጆንያ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሸጡት ኬኮች ዓመቱን ሙሉ ያው ናቸው። ቅዳሜና እሁድ ግን አንድ አዲስ ጣዕም ይወጣል፤ አዲሱን ጣዕም ደግሞ የምታበስረው ልጅቷ ናት፣ በኢንስታግራም። ፎቶውን መስኮቱ ሥር ታነሳለች፤ ከፎቶው ሥር የምትጽፈውን ጽሑፍ ግን የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀምጣ፣ ጥፍሯን እየበላች ነው የምታወጣው። ቀልዷ ሰው ይስባል። ገና ጽሑፏን አንብበው እየሳቁ የሚገቡ ደንበኞች አሉ።

ሐሙስ ከሰዓት ሼፉ የሳምንቱን ኬክ አመጣ። ከታች ለስላሳ የሙዝ ኬክ፣ መሐሉ ላይ ክሬም፣ ከላይ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያበራ ቸኮሌት። ሦስቱም ከአንድ ሳህን ቀመሱ።

ልጅቷ ዐይኗን ጨፍና «ክሬሙ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለች።

ሼፉ ኮራ ብሎ መልሱን ነገራት። ኦቾሎኒ ነው። ቆልቶ፣ ልጦ፣ እንደ ቅቤ እስኪሆን ፈጭቶ ከክሬሙ ጋር መትቶታል። ቸኮሌቱና ሙዙ ሽታውን ስለሚሸፍኑት፣ የቀመሰው ሰው አንድ የሚያውቀው ነገር ምላሱ ላይ መጥቶ ስሙ ይጠፋበታል። ልጅቷ ይኼኔ ነው ከጆንያው ላይ የተነሳችው። እንቆቅልሽ እናድርገው አለች፤ ምን እንዳለበት ሳንናገር ሕዝቡ ይገምት።

የእናትየዋ ሹካ ባለበት ቆመ።

ኬክ ቤቱን ከመክፈቷ በፊት ስምንት ዓመት የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርታለች። አንድ ቀን አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ከጓደኛዋ ምሳ ዕቃ ኦቾሎኒ ያለበት ብስኩት ቆርሳ በላች። መምህሯ ልጅቷ ያኮረፈች መስሏት ጥግ ላይ አስቀመጠቻት። ድስት ልታነሳ የገባችው እናትየዋ ናት የሕፃኗ ከንፈር ማበጡን ያየችው፤ ከዚያ ደግሞ ያንን ድምፅ ሰማች፣ አየር ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲሾልክ የሚያወጣውን ፉጨት። ልጅቷ ተረፈች። ድምፁ ግን ከእናትየዋ ጆሮ አልወጣም።

ይህን ታሪክ ልጇ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። የሰማችው ግን እርጥብ ፀጉር ይዞ መውጣት ከሚያመጣው ጣጣ፣ አሳንሰር ውስጥ ከሚቀሩ ሰዎች፣ ቻርጅ ላይ በተሰካ ስልክ ካወራው ሰውዬ ታሪክ ጋር ተደባልቆ ነው። እናት ሁሉን ነገር በአንድ ድምፅ ስለምትፈራ፣ ልጅ የትኛው ፍርሃት እውነተኛ እንደሆነ መለየት አቅቷት ነበር።

«ኦቾሎኒ እንዳለበት ጻፊ» አለቻት።

«እማ፣ መልሱ እኮ እሱ ነው። መልሱን ከጻፍኩት እንቆቅልሹ የቱ ጋ ነው?»

«እንቆቅልሹ ይቅር።»

ሼፉ ሊያስታርቅ ገባ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ከሺህ አንድ ነው፣ እሱም ቢሆን ራሱን ያውቃል፣ ሳይጠይቅ አይበላም አለ። እናትየዋ ሕፃን ልጅ ምን ብሎ ይጠይቃል ብላ መለሰችለት። ክርክሩ ምድጃው ውስጥ ያለው ዳቦ ሊያር እስኪቃረብ ዘለቀና በመጨረሻ ልጅቷ መላ አመጣች፤ እንቆቅልሹን ከላይ፣ መልሱንና ማስጠንቀቂያውን ከታች እጽፋለሁ አለች። የፈለገ ይገምታል፣ የሰጋ ደግሞ ወርዶ ያነባል። እናትየዋም ተስማማች። ተጽፏል ከተባለ ተጽፏል።

ዓርብ፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ ጽሑፉ ወጣ።

«እንቆቅልሽ! ምን አውቅልሽ በሉን እንጂ።
ሁለት እህትማማቾች ናቸው። በር በሌላት፣ መስኮት በሌላት አንዲት ጠባብ ክፍል፣ መሬት ውስጥ ተኝተው ያድጋሉ። ዘንድሮ ሙዝ አግብተው፣ የቸኮሌት ካባ ደርበው ቅዳሜና እሁድን እኛ ጋ ይውላሉ።
እነማን ናቸው? ከታች ገምቱ። ቀድሞ ያወቀ የመጀመሪያዋ ቁራሽ የእሱ ናት። ያላወቀ አገር ይስጠን፤ ብቻ ባሕር ያለው አገር ይሁን፣ ሼፋችን ሙቀት ሰልችቶታል።»

ከዚህ በታች አሥር ያህል ነጠብጣቦች ቁልቁል ወርደዋል፤ አንባቢው መልሱን በድንገት እንዳያየው። ከነጠብጣቦቹ ሥር «መልሱ ኦቾሎኒ ነው። ኦቾሎኒ የማይስማማችሁ ይህን ኬክ አትብሉ» ይላል።

ኮመንቱ ዘነበ። ድንች ነው ያለ አለ፣ ቀይ ሽንኩርት ያለ አለ፤ አንዱማ የአክስቴ ልጆች ናቸው፣ አሁንም አንድ ክፍል ውስጥ ተኝተዋል ብሎ ጻፈ። እናትየዋ ማታ ቤቷ ሆና፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ልጇ በከፈተችላት ፎቶ በሌለው ገጿ ገብታ ተመለከተች። የኬኩ ፎቶ መጣ። ከሥሩ ሁለት መስመር። «እንቆቅልሽ! ምን አውቅልሽ በሉን እንጂ። ሁለት እህትማማቾች ናቸው። በር በሌላት…» ይልና ጽሑፉ እዚያው ተቆርጦ፣ ጎኑ ላይ ሌላውን ለማየት ንኩኝ የሚል ደብዛዛ ቃል አለ። ነካችው። ነጠብጣቦቹ መጡ። በአውራ ጣቷ ገፋች፣ ገፋች፣ ማስጠንቀቂያው መጣ። መልሳ ወጥታ ገባች። እንደገና ሁለት መስመር ብቻ።

ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዳ ልጇን ጠራቻትና አሳየቻት። ልጅቷ ስልኳን እንኳ አላስቀመጠችም። ረጅም ጽሑፍ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚታየው፣ ሰው ማንበብ ከፈለገ ይነካዋል አለች። እናትየዋ ካልፈለገስ ስትላት ልጅቷ ስቃ «ወይዘሮ ምናልባት፣ ይተኙ» አለቻት።

አልተኛችም ማለት ይቻላል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ታውቃለች፤ ተረቱን እንደሚያምን ሰው ደግሞ ፍርሃቷ ራሱ ነገሩን እንዳይጠራው ትፈራለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ሲከፈት ሰው በር ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ሰዓት ያስተናገደችው ልጅቷ ናት፤ እናትየዋ ከጀርባ ሆና የወረቀት ጥቅል በመቀስ እየቆረጠች፣ በስክሪብቶ «ኦቾሎኒ አለበት» እያለች ትጽፍ ነበር። ሠላሳውን ጽፋ እንዳበቃች ወጥታ እያንዳንዱ ሣጥን ላይ መለጠፍ ጀመረች። ያም አልበቃት፣ የሚገዛውን ሁሉ «ታች ያለውን አንብበዋል?» እያለች ትጠይቃለች። አንድ ሽማግሌ ኬክ ልግዛ ብዬ እንጂ ለፈተና አልመጣሁም አሏት። ልጅቷ እፍረቷን በሳቅ ሸፍና እናቷን በክንድ ይዛ ወደ ኋላ ወሰደቻትና፣ ደንበኛ እያባረርሽ ነው አለቻት።

እናትየዋ ግን ሌላ ነገር ነበር የምታስበው። «እኔ ከመውጣቴ በፊት የወጣ አለ?»

ልጅቷ በጣቷ ቆጠረች። ስምንት ቁራሽ በእጅ ተሸጧል። ሁለት ሙሉ ኬክ ደግሞ ሞተረኛው ገና በጠዋቱ ይዞ ሄዷል፣ ዓርብ ማታ በመልእክት የታዘዘ ነው።

«ለማን?»

ልጅቷ መልስ ለመስጠት ስልኳን ከፈተች። የመልእክቱን ሳጥን ገለጠች። ከዚያ ፊቷ ላይ ያለው ደም ቁልቁል ሲወርድ እናትየዋ ቆማ አየችው። ልጇን እንደዚያ ሆና አይታት አታውቅም። ስልኩን ከእጇ ወሰደችና አነበበች።

የጻፈችው አንዲት እናት ናት። ልጇ ሰባት ዓመት እንደሚሞላት፣ ጽሑፉን ጓደኛዋ ልካላት እንደወደደችው፣ ልደቱ ላይ ልጆቹን ዐይናቸውን በሻሽ አስራ እያቀመሰች ልታስገምታቸው እንደምትፈልግ ትናገራለች። ከሥሩ ከኬክ ቤቱ፣ ከገዛ ልጇ የተላከ መልስ አለ።

«በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እንግዲያው ታች ያለውን መልስ እርስዎም እንዳያነቡት። ከልጆቹ ጋር አብረው ይገምቱ፣ የባሰ ደስ ይላል።»

ከጎኑ የሚስቅ ፊት ነበረው።

ሼፉ ከምድጃው ጀርባ አንገቱን አውጥቶ ምን ሆናችሁ አለ። ልጅቷ ስልኩን ቀምታ መጻፍ ጀመረች፤ ሦስት መልእክት አከታትላ ላከች። አንዱም አልታየም። ትእዛዙ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ልደት ቤት ነው፣ ሙዚቃው ስልክ አያሰማም። ልደቱ ስንት ሰዓት ነው ብላ እናቷ ስትጠይቃት፣ ልጅቷ በጣቷ መልእክቱ ላይ ያለውን ሰዓት አሳየቻት። ከጀመረ ሩብ ሰዓት አልፎታል።

እናትየዋ ሽርጧን አልፈታችም። ሞተረኛው ሁለተኛ ትእዛዝ ሊወስድ በር ላይ ቆሞ ነበር። በሕይወቷ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ልጇንም እንዳትወጣ አስምላታለች። አሁን ያንን ሁሉ ረስታ ከኋላው ተፈናጠጠችና ጠዋት ኬክ ወደ ወሰድክበት ቤት አለችው። እሱም ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፣ ፊቷን በመስታወቱ ሲያይ ዘጋውና የራስ ቁሩን አወልቆ ሰጣት።

መንገዱ ላይ የምታስበው ነገር ተደበላለቀባት። ከሺህ አንድ ነው ብሏል ሼፉ። አሥር ልጅ ቢኖር፣ ሃያም ቢኖር፣ ከመካከላቸው የመገኘቱ ዕድል ጠባብ ነው። ሄጄ በር አንኳኩቼ፣ ሁሉም ደህና ሆኖ፣ ሰዎቹ ስቀውብኝ እመለሳለሁ። ይሳቁብኝ። ምነው በሳቁብኝ። በየመብራቱ ሞተሩ በቆመ ቁጥር የሞተረኛውን ጃኬት በጡጫዋ ጨምድዳ ትይዛለች። አንድ ጊዜ ሳይታወቃት «እባክህ» ስትል ራሷን ሰማች፤ ለሞተረኛው ይሁን ለፈጣሪ እሷም አላወቀችም።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን የራስ ቁሩ በራሷ ላይ እንዳለ ወጣች፤ ሞተረኛውም ተከተላት። በሩ ላይ ፊኛ ተሰቅሏል፣ ከውስጥ የልጆች ጩኸት ይሰማል። የከፈተችው የልደቷ እናት ራሷ ናት፤ ጉንጯ ላይ የድመት ጺም ተስሏል። ሽርጥ የለበሰች፣ ራሷ ላይ የሞተር ቁር ያጠለቀች፣ ትንፋሽ ያጠራት ሴት ስታይ የልጆቹ አጫዋች መስላት ፈገግ አለች።

«ኬኩ ኦቾሎኒ አለበት» አለች እናትየዋ። «ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ የለም ወይ?»

የልደቷ እናት ፈገግታዋ ሳይጠፋ፣ ወላጆቹ እንደዚያ ያሏት ነገር እንደሌለ ነገረቻት። ደግሞም ልጆቹ ቀምሰው ጨርሰዋል፣ ማንም አላወቀውም፣ አንዱ ሳሙና ነው ብሎ ሁሉንም አስቋል። እናትየዋ እየሰማቻት ዐይኗ ግን ክፍሉን ይለቅም ነበር። ልጆቹ ሻሾቻቸውን አንገታቸው ላይ አውርደው ወለሉ ላይ ይንከባለላሉ። አፋቸው በቸኮሌት ተለውሷል። አንድ በአንድ ከንፈራቸውን አየች። አሥር ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሳህኖች ግን አሥራ አንድ።

«አንዷ የት አለች?»

«መታጠቢያ ቤት በር ላይ ነች። ዓይነ አፋር ናት፣ ከጨዋታው ወጣች።»

እናትየዋ የልደቷን እናት ገፋ አድርጋ አለፈች። ትንሿ ልጅ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች፤ አንገቷን ታካለች። አንገቷ ላይ ቀያይ እብጠቶች ወጥተዋል። ከንፈሯ ወፍሯል። እናትየዋን ስታይ ልትናገር ሞከረች፤ ድምፅዋ ሻካራ ሆኖ ወጣ። ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር አለ አለች። ከዚያ ስትተነፍስ እናትየዋ ፉጨቱን ሰማች።

በዚያች ቅጽበት አንድ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። ፍርሃቱ አልቆመም፣ ሥራ ያዘ እንጂ። ልጅቷን እንዳትራመድ አቅፋ አነሳቻት፣ ለልደቷ እናት ወላጆቿን እንድትጠራ ነገረቻት፣ ሞተረኛውን ደግሞ በጣም ቅርብ ያለው ክሊኒክ የቱ ነው አለችው። ሕንፃው ሥር፣ መንገዱን ተሻግሮ አለ። ደረጃውን ሲወርዱ ሞተረኛው ፊት ፊት እየሮጠ በር ይከፍታል፤ ትንሿ ልጅ የእናትየዋ ደረት ላይ አስመለሳት። እናትየዋ ጆሮዋን ወደ አፏ አስጠግታ እያንዳንዷን ትንፋሽ ትቆጥር ነበር፣ ቀጣይዋ እስክትመጣ ያለው ጊዜ ከደረጃው ይረዝማል።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ጥያቄ ከመጨረሷ በፊት መለሰችላት። ኦቾሎኒ፣ ምናልባት ከሩብ ሰዓት በፊት፣ አስመልሷታል፣ ትንፋሿ ያፏጫል። ነርሷ ልጅቷን አስተኝታ እግሯን ከፍ አደረገች፣ ወዲያው ጭኗ ላይ መርፌ ወጋቻት፣ የኦክስጅን ጭምብል አደረገችላት። ሐኪሙ መጣ። ሁሉም የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ ፉጨቱ አልቆመም። መርፌው ተደገመ። እናትየዋ ወደ ውጭ እንድትወጣ ተነገራትና ወጣች፤ በሩ ሲዘጋ ግን የምትሰማው ድምፅ ስለቀረባት የባሰ ሆነባት።

መተላለፊያው ላይ ካለው ወንበር ተቀመጠች። የልደቷ እናት የድመት ጺሟ በእንባ ተበላሽቶ ከጎኗ ተቀመጠች። ደጋግማ አላነበብኩትም ትላለች። እንዳላነብ ተነገረኝ እኮ ትላለች። እናትየዋ እጇን ያዘቻት።

ልጇ ሞተረኛው ደውሎላት ደረሰች፤ ከኬክ ቤቱ እስከዚህ ሮጣለች መሰል ጫማዋ ዱቄትና አቧራ ሆኗል። ኬኮቹን ሁሉ ከመደርደሪያው አንስተን ዘግተናል አለች። ከዚያ በተዘጋው በር ላይ ዐይኗን ተክላ «እንዴት ናት?» ስትል ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለው ተረት እናትየዋ አፍ ላይ መጥቶ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ቀን ነው፤ አልነገርኳችሁም የምትልበት ቀን። ልጇን ስታያት ግን ተረቱን ዋጠችው። ቦታ ለቀቀችላትና አስቀመጠቻት።

ሐኪሙ ወጥቶ ትንፋሿ እየተስተካከለ ነው አለ። እብጠቱ እየወረደ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ነገር ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ወደ ሆስፒታል ተልካ ቀኑን በክትትል ትቆያለች። ሦስቱም ሴቶች «ሊመለስ ስለሚችል» የሚለውን ብቻ ነው የሰሙት።

የታመመችው ልጅ አባት የመጣው ይህ ከሆነ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው። በግራና በቀኝ እግሩ የተለያየ ጫማ አድርጓል። ገብቶ ልጁን አየ፣ ቆይቶ ወጣ። የልደቷ እናት ስለ ጽሑፉ ማስረዳት ጀመረች። እሱ ግን አልጮኸም። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ሆኖባት እንደማያውቅ፣ ኦቾሎኒ ቤታቸው ገብቶ ስለማያውቅ እነሱም እንደማያውቁ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ። ከዚያ ጽሑፉን የጻፈው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለች እናትየዋ። «ቤቱ የኔ ነው።»

«አይደለም» አለች ልጅቷ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። እማ ልታስቆመኝ ሞክራ ነበር።»

አባትየው እንዲያሳዩት እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ስልኳን ሰጠችው። ቆሞ አነበበ። ሁለቱን መስመር አነበበ፣ ደብዛዛውን ቃል ነካ፣ ከዚያ አውራ ጣቱ ነጠብጣቦቹን ወደ ላይ ስትገፋ፣ ስትገፋ እናትና ልጅ አዩ። ማስጠንቀቂያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ስድብ እየጠበቁ ነበር። እሱ ያለው ግን ሌላ ነው።

«ይህ ኬክ ስንት ቤት ገብቷል?»

ስልኩን መልሶ ወደ ልጁ ገባ።

እናትየዋ ያን ጊዜ ነው በበረዶ እንደተመታ ሰው ክው ያለችው። ቢጫ ቀሚስ የለበሰችዋን ልጅ ይዛ ስትሮጥ ሌላውን ሁሉ ረስታው ነበር። ወረቀት የተለጠፈባቸው ሣጥኖች አሉ፤ እነሱን የገዙት ቢያንስ ተነግሯቸዋል። ሁለቱ ሙሉ ኬኮች ልደቱ ቤት ናቸው፤ የተረፈው አሥር ልጅ ደህና ይሁን ብላ ሞተረኛውን መልሳ ላከችው፣ ሁሉም ደህና መሆናቸውን ደውሎ ነገራት። የቀሩት በመጀመሪያው ሰዓት በእጅ የተሸጡት ስምንት ቁራሾች ናቸው። የማንንም ስልክ አያውቁም። ሰዎቹን ሊያገኙ የሚችሉበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ያው ጽሑፍ።

ልጅቷ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንቆቅልሹን በሙሉ አጠፋችው። ባዶው ቦታ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ይቅርታ ብላ ጀመረች፣ እናትየዋ አስቆመቻት።

«ይቅርታው በኋላ ይምጣ። መጀመሪያ የሚታየው ሁለት መስመር ነው። በሁለቱ መስመር ጨርሺ።»

ልጅቷ ጻፈች። «የቅዳሜው ኬክ ኦቾሎኒ አለበት። አንድ ሕፃን ታማለች፤ የገዛችሁ አትብሉ፣ የበላችሁም ደህና መሆናችሁን አሁኑኑ ጻፉልን።» ከሥሩ የቤቱን ስልክ፣ ከዚያ በታች ማበጥ ወይም የትንፋሽ ችግር ያየ ሰው ሳይዘገይ ወደ ሕክምና እንዲሄድ። የቀድሞው ፖስት ላይ ብቻ ቢስተካከል ያየው ሰው ተመልሶ እንደማያየው ታውቃለችና፣ ይህንኑ አዲስ ፖስት አድርጋ፣ ምንም ሥዕል ሳይኖረው ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ጽፋ ደግማ አወጣችው፤ ስቶሪ ላይም ለጠፈችው። ከዚያ በየመልእክቱ ድንች ያለውን፣ ሽንኩርት ያለውን፣ የአክስቴ ልጆች ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራች እንዲያጋሩት ለመነች።

መልስ መምጣት ጀመረ። ቀይ ጃንጥላ ይዛ የመጣችው ሴት ደህና ነኝ፣ ቁራሹ አልተነካም ብላ ጻፈች። ሁለት ተማሪዎች አብረን በላን፣ ደህና ነን አሉ። ለሚስታቸው የገዙት ሰውዬ ደወሉ። ልጅቷ ጠዋት ያየቻቸውን ፊቶች እያስታወሰች ትናገራለች፣ እናትየዋ በሽርጧ ኪስ ባገኘችው የወረቀት ቁራጭ ጀርባ ላይ ምልክት ታደርጋለች። አራት። አምስት። ስድስተኛዋ ለምን አስደነገጣችሁኝ ብላ ተሳድባ ነው የዘጋችው፤ ሁለቱም ያንን ስድብ እንደ ምርቃት ተቀበሉት። ሰባተኛውም ደህና ነኝ ብሎ ጻፈ።

የታመመችውን ልጅ በአምቡላንስ አልጋ አወጧት። ጭምብሉ ፊቷ ላይ ነው፣ ዐይኗ ግን ተከፍቷል፤ ከንፈሯም ወደ መጠኑ እየተመለሰ ነው። አባትየው ሲያልፍ ቆም አለ።

«ተገኙ?»

«ሰባቱ» አለች እናትየዋ።

ራሱን ነቅንቆ ልጁን ተከትሎ ሄደ።

ስምንተኛው አንድ ሰው ነው። ልጅቷ የምታስታውሰው ቁራሹን ከመግዛቱ በፊት ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ ውስጥ ሲያየው ነው፤ ግራጫ ሹራብ የለበሰ፣ ብቻውን የመጣ፣ ለማን እንደገዛ ያልተናገረ። ሣጥን አልፈለገም፣ በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታዋለች። ስለ እንቆቅልሹ ምንም አላለም። ምናልባት ጭራሹን ስልክ የማይከፍት ሰው ነው።

ነርሷ መጥታ መተላለፊያው ሊጸዳ እንደሆነ ነገረቻቸው። እናትና ልጅ ተነሱ፣ ግን ከበሩ አልራቁም። አንድ ስልክ በሁለቱ መካከል ይዘው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ። ነጩ ወረቀት ላይ ያለው ጥቁር ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው እየሄደ ነው፤ ያየው ሰው ቁጥር ይጨምራል፣ ይጨምራል። ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ ሳታይ ጠየቀቻት።

«ምናልባት ደህና ይሆን እማ?»

እናትየዋ ገጹን ወደ ታች ጎትታ እንደገና ከፈተችው።